ደዋዩ የላክሽውን ብር እንዴት አወቀ? ሀዋላ ቤቱ መረጃሽን ለሌላ ድርጅት ሲሰጥ ስለሚገባው ውል

ጅዳ ባላድ ወይም መካ ዓዚዚያ ካለ ሀዋላ ቤት፣ አለዚያም በስልክሽ አፕ፣ ለቤተሰብ ብር ስትልኪ ብዙ መረጃ ትሰጫለሽ። የኢቃማ ቁጥርሽን፣ ስልክሽን፣ ስንት ሪያል እንደላክሽ፣ አገር ቤት የሚቀበለውን ሰው ሙሉ ስምና የባንክ ሂሳብ። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሀዋላ ቤቱ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን «ገንዘብዎ ደርሷል» የሚለውን መልእክት የሚልክልሽ ብዙ ጊዜ ሌላ ድርጅት ነው። ቅሬታ ይዘሽ ስትደውዪ ስልኩን የሚያነሳውም እንዲሁ የሌላ ድርጅት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ሀዋላ ቤቱ ቀጥሯቸው፣ ሥራቸውን እንዲሠሩ መረጃሽን ሰጥቷቸዋል።

አጭበርባሪው ደውሎ «ባለፈው ሳምንት ለእናትሽ የላክሽው 800 ሪያል ታግዷል፣ አሁን በስልክሽ የመጣውን ቁጥር ንገሪኝ» ሲል የምናምነው ለዚህ ነው። የእናታችንን ስምና የብሩን ልክ ያውቃላ! ቁጥሩን እንደነገርሽው ግን በአፑ ያለው ብር ይወጣል። የትኛውም ሀዋላ ቤት ወይም ባንክ ያንን ቁጥር በስልክ አይጠይቅም። እዚህ ላይ ግን የምንነጋገረው መረጃው ከየት ወጣ በሚለው ላይ ነው።

ሀዋላ ቤቱ ከቀጠረው ድርጅት ጋር የሚገባው ውል አለ። አንቺ አታዪውም፣ አትፈርሚበትምም። ነገሩን ግን ከሥራሽ ታውቂዋለሽ። መዳም የቤቱን ቁልፍ ስትሰጥሽ ለሥራ ነው፣ ለሌላ ሰው አታቀብዪውም፣ ከጠፋ ወዲያው ትናገሪያለሽ፣ ስትለቂ ትመልሺያለሽ። ውሉም ስለ መረጃሽ የሚለው ይህንኑ ነው። በሳዑዲ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ወጥቷል፤ ከመስከረም 2024 (በፈረንጅ) ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ሕጉን የሚያስፈጽመው ሲዳያ የሚባለው የመንግሥት የመረጃ ባለሥልጣን ነው። በሕጉ መሠረት ሀዋላ ቤቱ የሚታመን ድርጅት መርጦ፣ የተሰጠው መረጃ ምን እንደሆነ፣ ለምን ሥራና እስከ መቼ እንደሆነ በውሉ ማስፈር አለበት። ዋናው ነጥብ ደግሞ ይህ ነው፦ ሌላ ድርጅት ቀጠረ ማለት ኃላፊነቱ ከሀዋላ ቤቱ ላይ ወረደ ማለት አይደለም። «እኛ አይደለንም፣ መልእክት ላኪው ነው» ቢሉሽ ይህ ላንቺ መልስ አይሆንም።

አሁን ጣጣው የሚመጣው መረጃው ሲወጣ ነው። እንበል፣ መልእክት ላኪው ድርጅት ኮምፒውተሩ ተሰብሮ የደንበኞች ዝርዝር እሁድ ቀን ተሰረቀ። ደንቡ ሀዋላ ቤቱ ነገሩን ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለሲዳያ እንዲያሳውቅ ይለዋል። «ባወቀ» የምትለዋን ቃል ልብ በይ። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ስርቆቱ ከደረሰ ጊዜ አይደለም። የተቀጠረው ድርጅት ለሀዋላ ቤቱ «ሳይዘገይ» ይንገር ከማለት በቀር ደንቡ የሰዓት ልክ አላስቀመጠለትም። ስለዚህ ልኩን የሚያስቀምጠው ውሉ ነው። ውሉ «በ24 ሰዓት ውስጥ» ካለ፣ ሰኞ ሀዋላ ቤቱ ያውቃል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ሐሙስ ባለሥልጣኑ ያውቃል። ውሉ «በተገቢው ጊዜ» ብሎ ካለፈው ግን ድርጅቱ ስሙ እንዳይጠፋ ዐሥር ቀን ሊሸፋፍነው ይችላል። ዐሥር ቀንና ሦስት ቀን ሲደመር ዐሥራ ሦስት ነው። በዚያ መሀል አጭበርባሪው በየቀኑ ይደውላል፤ አንቺ ደግሞ ማንም አላስጠነቀቀሽም። በእኔ እይታ በእንዲህ ዓይነት ውል ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ አንድ መስመር ነው።

ጉዳት ሊያመጣብሽ የሚችል ከሆነ ላንቺም ሳይዘገዩ ሊነግሩሽ ይገባል፤ ያውም በቀላል ቋንቋ። ምን እንደተሰረቀ፣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል፣ እነሱ ምን እንዳደረጉ፣ አንቺ ምን ማድረግ እንዳለብሽና ማንን እንደምታናግሪ። «ለደህንነትዎ የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ከመጣልሽ ደውለሽ «ለምን? የኔ መረጃ ወጥቷል?» ብለሽ ጠይቂ።

ሌላው ስለ ማጥፋት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ እህቶች ግራ ይጋባሉ። አፑን ከስልክሽ ብታጠፊው መረጃሽ አይጠፋም። «ሁሉንም አጥፉልኝ» ብትዪም ሀዋላ ቤቱ እምቢ ማለት ይችላል፤ የሳዑዲ የገንዘብ አጠባ መከላከያ ሕግ የዝውውር መዝገብን ቢያንስ ለ10 ዓመት እንዲያስቀምጥ ያዘዋልና። እምቢታው እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ግዴታ የሀዋላ ቤቱ ነው። «ደርሷል» የሚል መልእክት ብቻ ይልክ የነበረው ድርጅት ሥራው ካለቀ በኋላ የእናትሽን ስም ይዞ የሚቀመጥበት ምክንያት የለውም። ጥሩ ውል ይህን ለይቶ ያስቀምጣል፦ ውሉ ባለቀ በዚህን ያህል ቀን መረጃው ይመለስ፣ መጠባበቂያ ቅጂው ሳይቀር ይጥፋ፣ ለመጥፋቱም በጽሑፍ ማረጋገጫ ይሰጥ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው መጠባበቂያ ቅጂው ነው። ከዋናው ኮምፒውተር ይጠፋል፣ ቅጂው ሌላ ቦታ ዓመት ይቀመጣል፣ በኋላ የሚሰረቀው እሱ ነው።

መረጃው ከዚያ መውጣቱን በምን ታውቂያለሽ? ደዋዩ ስምሽንና ስልክሽን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ከየትም ሊያገኘው ይችላል፤ ከዋትሳፕ ግሩፕ፣ የኢቃማሽን ፎቶ ከላክሽለት ደላላ፣ ወይም በግምት። የተቀባዩን ስም፣ የብሩን ልክና ቀኑን አንድ ላይ ካወቀ ግን ከላክሽበት መዝገብ ወይም ደረሰኝሽን ካየ ሰው ነው። ደረሰኝሽን ለማን እንዳሳየሽ በመጀመሪያ አስቢ። ለማንም ካላሳየሽ የደወለበትን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ያለውንም ቃል ጻፊና ለሀዋላ ቤቱ በጽሑፍ እንዲህ በዪ፤ ዐረብኛ የምትጽፍ ጓደኛ ካለሽ ትገልብጥልሽ፦

«ስለ እኔ የያዛችሁትን መረጃ ቅጂ ስጡኝ። ለየትኞቹ ድርጅቶች እንደሰጣችሁት ንገሩኝ። በዚህ ቀን የደወለልኝ ሰው ይህን ዝውውር ያውቅ ነበር፤ መረጃ ወጥቶባችሁ ከሆነ አሳውቁኝ። በሕግ ማስቀመጥ የሌለባችሁን፣ በሌሎች ድርጅቶች እጅ ያለውንም ጨምሮ፣ አጥፉልኝ።»

ውሉን ራሱን አያሳዩሽም፤ እሱን መጠየቅ አያስፈልግሽም። መልስ ለመስጠት 30 ቀን አላቸው፤ ከባድ ከሆነባቸው ምክንያቱን ነግረውሽ ሌላ እስከ 30 ቀን ሊጨምሩ ይችላሉ። ጥያቄውን የላክሽበትን ስክሪን ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ።

አንድ ችግር አለ። ብሩን የላክሽው በሌላ ሰው ኢቃማ ወይም አፕ ከሆነ በመዝገቡ ላይ ያለው ስም የሱ ነው፤ መጠየቅ የሚችለውም እሱ ነው። በሰው እጅ በሚላክ ሀዋላ ደግሞ ውልም መዝገብም ስለሌለ ይህ ሁሉ አይሠራም። ሕጉ የሳዑዲ ዜጋ ብቻ ብሎ አይለይም፣ ስለ ማንኛውም ሰው ነው የሚናገረው። ሆኖም አቤት ስትዪ ማንነትሽን ይጠይቁሻል፤ ኢቃማሽ ችግር ያለበት ከሆነ መጀመሪያ ጅዳ ያለውን ቆንስላችንን አማክሪ።

ብር ከተወሰደብሽ ግን 30 ቀን አትጠብቂ። በዚያችው ሰዓት ሀዋላ ቤቱ ወይም ባንኩ ሂሳቡን እንዲዘጋ አድርጊ፣ ጅዳም መካም ለፖሊስ 911 ደውዪ። ስለ መረጃው ያለሽን አቤቱታ ደግሞ dgp.sdaia.gov.sa ላይ ለሲዳያ ታቀርቢያለሽ። ነገሩ ከደረሰበት ወይም ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ 90 ቀን አለሽ።