ሰዓት የሚቆጥር ተረከዝ

ሴትዮዋ 46 ዓመቷ ነው፤ ፀጉር ቤት አላት። ሌሊት ለኪዳን ስትነሣ እጇ መጀመሪያ የሚፈልገው ነጠላዋን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። ቀኝ እግሯ መሬት ሲነካ ተረከዟን ሚስማር የረገጠች ያህል ይወጋታል። በእግሯ ጣቶች እየተራመደች፣ ግድግዳ እየተደገፈች በሩ ጋ ትደርሳለች። ውጭ ወጥታ አሥር ደቂቃ ያህል ከሄደች በኋላ ሕመሙ ይለዝባል። ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ረስታዋለች። ስብከቱን ተቀምጣ ሰምታ ስትነሣ ግን ሚስማሩ ይመለሳል።

የእሷ ታሪክ ከብዙ ሕመምተኞች ታሪክ የተገጣጠመ ቢሆንም አጥንት ሐኪም ዘንድ ተሰልፎ የሚያውቅ ሁሉ በየወረፋው የሚያያት ሴት ናት። ጎረቤቶቿ “ብርድ መትቶሽ ነው” ብለዋታል። የእህቷ ባል “ሪህ ነው፤ ሥጋ ተዪ” ብሏታል። በመጨረሻ አንድ ክሊኒክ ገብታ ራጅ ተነሣች፤ ተረከዟ ሥር ወደ ፊት የሾለ ትንሽ አጥንት ታየና “አጥንት አድጎብሻል” ተባለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ እርምጃ ያ ሹል አጥንት ሥጋዋን ሲወጋ ይታያት ጀመር።

የሚወጋት ግን እሱ አይደለም። እንዲህ ያለ የአጥንት ሹል አንድም ቀን ተረከዛቸውን አሟቸው በማያውቅ ሰዎች ራጅ ላይም በብዛት ይታያል። ሕመሙ ድኖ ከጠፋ በኋላም ሹሉ እዚያው ይቀመጣል። ሪህም ቢሆን መልኩ ሌላ ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ የአውራ ጣትን ሥር በድንገት አሳብጦ፣ አቅልቶና አግሎ እንቅልፍ የሚነሳ እንጂ፣ ጠዋት ወግቶ አሥር ደቂቃ ሲራመዱ የሚተው አይደለም።

ነገሩ ያለው ከውስጥ እግር ቆዳ ሥር ነው። ከተረከዝ አጥንት የታችኛው ውስጠኛ ጎን ተነሥቶ እስከ ጣቶቹ ሥር የሚዘረጋ ጠንካራና ሰፊ ጅማት አለ። እግርን እንደ ደጋን ብናየው ይህ ጅማት ክሩ ነው። ጄ. ኤች. ሂክስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1954 እንዳሳየው፣ አውራ ጣት ወደ ላይ በታጠፈ ቁጥር ክሩ በጣቱ ሥር ይጠመጠምና ይወጠራል፤ የእግሩም ቅስት ከፍ ይላል። ሰው ወደ ፊት ሲራመድ እግሩ ጠንካራ መግፊያ የሚሆነው በዚህ ዘዴ ነው። ዋጋው ደግሞ ጅማቱ ከተረከዝ ጋር የተጣበቀበት ቦታ በየእርምጃው መጎተቱ ነው።

ሴትዮዋ በቀን ዘጠኝና አሥር ሰዓት በሴራሚክ ወለል ላይ ቆማ ትሠራለች፤ ያውም ሶሉ ባለቀ ነጠላ ጫማ። ባለፉት ዓመታት ክብደት ጨምራለች። ባቷም የተሳሰረ ነው፤ ተረከዟን ከመሬት ሳታነሣ ቁልቁል መቀመጥ አቅቷታል። እነዚህ ሦስቱ፣ ረጅም ቁመት በደረቅ ወለል ላይ፣ ክብደትና የታሰረ ባት፣ በጥናት ደጋግመው ከዚህ ሕመም ጋር የተገኙ ናቸው። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ስግደት ተጨመረ። ሰጋጅ ከመሬት ሲነሣ ጣቶቹን ወደ ኋላ አጥፎ በእነሱ ላይ ይገፋል፤ ሂክስ የገለጸው የክር መወጠር ማለት ይኸው ነው፤ ያውም በባዶ እግር እየተደጋገመ።

ጠዋት ለምን ይብሳል? ሰው ሲተኛ እግሩ ወደ ታች ይዘረጋል፤ ባቱም የውስጥ እግር ጅማቱም አጥሮ ያድራል። የጠዋቷ የመጀመሪያ እርምጃ ሌሊቱን ሙሉ አጥሮ የቆየውን ጅማት ከነሙሉ የሰውነት ክብደት በአንዴ ትዘረጋዋለች። ጥቂት ሲራመዱ ይለሰልሳል። ማታ ብዙ ከቆሙ በኋላ ደግሞ ይደክምና እንደገና ያማል።

ለረጅም ጊዜ ይህ ሕመም የጅማት ብግነት እንደሆነ ይታመን ነበር፤ በሕክምና የተሰጠው ስምም ይህንኑ የሚል ነው። በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግን በቀዶ ሕክምና ከ50 ታካሚዎች የተወሰደ የጅማት ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ የተገኘው ብግነት ሳይሆን ያረጀ፣ ቃጫው የተዛነፈና የላላ ጅማት መሆኑን አሳየ። ይህ የስም ክርክር ብቻ እንዳይመስል። ብግነት ቢሆን ኖሮ ብግነትን የሚያጠፋ መርፌ መፍትሔ ይሆን ነበር። የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል፤ ሲደጋገም ግን የተረከዙን የስብ ትራስ ያሳሳል፣ ጅማቱንም እስከ መበጠስ ሊያደርስ ይችላል። የደከመ ጅማት የሚፈልገው በልክ የተመጠነ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጠዋት የሚያም ተረከዝ ሁሉ የጅማት ሕመም አይደለም። ሌሎች ሕመሞችም በጠዋቷ እርምጃ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ የሚለያዩት ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ነው።

አንድ ወጣት እናስብ። ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ነው፤ የታላቁ ሩጫ ቲሸርት በእጁ ሲገባ ልምምድ ጀመረ። በሳምንት ከዜሮ ተነሥቶ በአንድ ወር ውስጥ በየቀኑ አስፋልት ላይ ወደ መሮጥ ደረሰ። በአምስተኛው ሳምንት ተረከዙን ያመው ጀመር። ጠዋት ያመዋል፤ ልዩነቱ ሲራመድ አለመለዘቡ ነው። እንዲያውም በሄደ ቁጥር ይብሳል፤ ከዚያም ተኝቶ እያለ መጠዝጠዝ ጀመረ። ጓደኞቹ ወጌሻ ጋ ወሰዱት፤ ወጌሻው ባቱንና ተረከዙን በቅቤ አሸው። በማግስቱ መርገጥ አቃተው።

ይህ የድካም ስንጥቅ ነው። አጥንት በየቀኑ የሚሸከመው ጫና ራሱን ከሚጠግንበት ፍጥነት ሲበልጥ በአንድ ምት ሳይሆን ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። ሕክምና ይህን ጉዳት መጀመሪያ ያወቀው ከወታደሮች ነው፤ በ1855 ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ረጅም ጉዞ የተጓዙ ወታደሮች እግር ማበጡንና ማመሙን መዝግቧል፤ ራጅ ገና አልተፈጠረም ነበር። ራጅ ከመጣም በኋላ ተንኮሉ አልቀረም፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት የተረከዝ ስንጥቅ በራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ወጣቱ ራጅ ተነሥቶ “ምንም የለብህም” ተብሎ ወደ ሩጫው ቢመለስ ክፋቱ ከወጌሻው እሽት አይተናነስም። ጥርጣሬ ካለ ኤምአርአይ ስንጥቁን ቶሎ ያሳያል፤ እሱ ከሌለ ከሦስት ሳምንት በኋላ ራጁን መድገም ይቻላል።

ያለ መሣሪያ የሚለይበት ቀላል ፈተና አለ። ሐኪሙ ተረከዙን በሁለት መዳፉ ግራና ቀኝ ይዞ እንደ ሎሚ ይጨምቀዋል። የተሰነጠቀ አጥንት ከሆነ ታካሚው ይጮኻል። ፀጉር ሠሪዋ ተረከዟ ከጎንና ጎን ሲጨመቅ ምንም አላላትም፤ የጮኸችው ሐኪሙ በአንድ እጁ አውራ ጣቷን ወደ ላይ አጥፎ በሌላው አውራ ጣቱ ከተረከዟ ሥር፣ ወደ ውስጠኛው ጎን ሲጫናት ነው። አንዲት ነጥብ ናት፤ ራሷም በአንድ ጣት ጠቁማ ማሳየት ትችላለች።

የነርቭ መታፈን ግን በአንድ ጣት አይጠቆምም። ታካሚው መዳፉን ዘርግቶ “እዚህ ሁሉ ያቃጥለኛል” ይላል። ከቁርጭምጭሚት በስተውስጥ፣ ከጎልቶ ከሚወጣው አጥንት ጀርባ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ወደ ውስጥ እግር የሚወርድ ነርቭ አለ። እዚያ ሲታፈን እግሩ ይቃጠላል፣ ይነዝራል፣ ይደነዝዛል፤ ማታ ከሥራ በኋላ ይብሳል፤ አልጋ ውስጥም አይተውም። ቦታው በጣት ጫፍ ሲመታ ኤሌክትሪክ የነካ ያህል እስከ ውስጥ እግር ይነዝራል። የዚህ ነርቭ ቅርንጫፍ የሆነ አንድ ቀጭን ነርቭም ተረከዝ አጠገብ ይታፈናል። እሱ ነው አሳሳቹ፤ የጅማቱን ሕመም በጣም ይመስላል፣ ከእሱም ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል፤ ቆዳን ብዙም አያደነዝዝም። ሁለት ነገር ያጋልጠዋል፦ ሲጫኑት የሚያመው ነጥብ ከተረከዝ ሥር ሳይሆን በውስጠኛው ጎን ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ አንዳንዴም ትንሿን የእግር ጣት ከሌሎቹ አርቆ መክፈት ያቅታል። ሁለቱም እግሮች እኩል የሚቃጠሉና የሚደነዝዙ ከሆነ ደግሞ ተረከዙን ትቶ የደም ስኳርን መመርመር ይቀድማል።

ሕክምናቸው መለያየቱ ነው ይህን ሁሉ መለየት የሚያስገድደው። ለጅማቱ መዘርጋትና ማጠንከር መድኃኒት ነው፤ ለታፈነ ነርቭ ያው መዘርጋት ሊያባብሰው ይችላል፤ ለተሰነጠቀ አጥንት ደግሞ ጭነቱን ማውረድ ግዴታ ነው። ሯጩ ወጣት በክራንች ሆኖ ስድስት ሳምንት ያህል ተረከዙን አሳረፈ። የተረከዝ አጥንት ደም በብዛት ስለሚያገኝ በጊዜ ከተደረሰበት ደኅና አድርጎ ይጠግናል።

ለፀጉር ሠሪዋ የታዘዘው ሥራ ከአልጋዋ ሳትወርድ የሚጀመር ነው። ቁጭ ብላ የታመመውን እግር በሌላው ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፤ ጣቶቿን በእጇ ይዛ ወደ ቅልጥሟ አቅጣጫ ትስባለች፤ በሌላው እጇ ውስጥ እግሯን ስትዳስስ ጅማቱ እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ሊሰማት ይገባል። አሥር ሰከንድ ይዛ ትለቃለች፤ አሥር ጊዜ ትደግማለች፤ በቀን ሦስት ዙር። በ2003 በአሜሪካ 101 የቆየ ሕመም ባላቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ይህ መንገድ ባትን ብቻ ከመዘርጋት የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ግድግዳ ከመያዟ በፊት ይህን ማድረጓ ነው ቁም ነገሩ።

ሁለተኛው ሥራ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተጨመረ። ፎጣ ጠቅልላ ደረጃ ላይ ከጣቶቿ ሥር ታደርጋለች፤ በሦስት ሰከንድ በጣቶቿ ትነሣለች፣ ሁለት ሰከንድ ትቆያለች፣ በሦስት ሰከንድ ትወርዳለች። በየሁለት ቀኑ ነው። በዴንማርክ በ48 ታካሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት ይህን የሠሩት በሦስት ወር ላይ ተሽለው ታይተዋል፤ በዓመቱ ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆነዋል። ማለትም ፎጣው መዳንን ያፋጥናል እንጂ ሌላው መንገድ አያድንም ማለት አይደለም። ነጠላ ጫማው ከሥራ ቦታ ተባረረ፤ ከተረከዙ በኩል ትንሽ ከፍ ያለና ሶሉ ወፍራም ጫማ ተተካ። ሐኪሙ ስግደቱን እንድትተው አልነገራትም፤ ለተወሰኑ ሳምንታት ቆማ በመስገድ እንድትወስነው የንስሐ አባቷን እንድትጠይቅ ነው የነገራት።

በአራተኛው ሳምንት ልትተወው ተቃርባ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አሁንም ይወጋታል። ይህ ጅማት የሚቆጥረው በወራት ነው፤ አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ቢድንም እስከ ዓመት ሊወስድበት ይችላል። በሦስተኛው ወር ግን በሩ ጋ ከመድረሷ በፊት ሕመሙ የሚተዋት ሆነ። ለሐኪሟ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር፤ “ያ የአደገው አጥንትስ ጠፋ?” አለችው።

“እዚያው አለ፤ ድሮም አልነካሽም” አላት።