የአንድ ሰዓት ሥራ ስንት ያወጣል?

አዲስ አበባ ተቀምጣ በፋይቨር በኩል ለውጭ ደንበኞች ሎጎ የምትሠራ አንዲት ዲዛይነር እንውሰድ። ግብሯን ከፍላ፣ ወጪዋን ሸፍና በወር 600 ዶላር እንዲተርፋት ትፈልጋለች። በሳምንት 40 ሰዓት ስለምትሠራ ወሩን 160 ሰዓት ብላ ታካፍላለች፤ በሰዓት 3.75 ዶላር ይደርሳታል። ብዙ ጀማሪዎች ዋጋ የሚቆርጡት በዚህ መንገድ ነው፤ የሚከስሩትም በዚሁ ነው።

ትልቁ ክፍተት ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ለጠያቂዎች መልስ መስጠት፣ ዋጋ መነጋገር፣ የሥራ ናሙና ማዘጋጀትና ሒሳብ መያዝ ጊዜ ይበላሉ፤ የሚከፍልባቸው ግን የለም። ለሁለት ሳምንት እያንዳንዱን ሰዓት ብትመዘግብ፣ ከ40ው ክፍያ ያለው 25ቱ ብቻ ሆኖ ልታገኘው ትችላለች። ለበዓል፣ ለሕመምና ሥራ ለሚጠፋበት ጊዜ በዓመት አራት ሳምንት ስትቀንስ 48 ሳምንት ይቀራታል። 25ን በ48 አባዝታ ለ12 ወር ስታካፍል በወር የምትሸጠው 100 ሰዓት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ወጪው ይመጣል። ኢንተርኔት፣ ሶፍትዌር፣ ገንዘብ ማውጫ ክፍያና የኮምፒውተሩ እርጅና ተደምረው 80 ዶላር ይሁኑ። የኮምፒውተሩን ብዙዎች ይዘሉታል፤ በ900 ዶላር ተገዝቶ ሦስት ዓመት የሚያገለግል ከሆነ በየወሩ 25 ዶላር መቀመጥ አለበት። ለግብር 120 ዶላር ብትይዝ፣ ከ600ው ጋር 800 ይሆናል።

ፋይቨር ከእያንዳንዱ ሥራ 20 በመቶ ይቆርጣል። እዚህ ላይ 800 ላይ 20 በመቶ ጨምሮ 960 ማለት ይቀናል። ነገር ግን ቆረጣው የሚሰላው ደንበኛው ከከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ነው፤ ከ960 ላይ 192 ሲነሳ 768 ብቻ ይቀራል። ትክክለኛው ስሌት 800ን ለ0.8 ማካፈል ነው፦ 1,000 ዶላር። ይህ ለ100 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 10 ዶላር ይመጣል። በ3.75 ብትሠራ ኖሮ 100ው ሰዓት 375 ዶላር ያስገባል፤ ከቆረጣው በኋላ 300፣ ከወጪው በኋላ 220 ይቀራታል፤ ያውም ግብሩ ሳይነሳ።

ሎጎ የሚሸጠው በሰዓት ሳይሆን በቁርጥ ዋጋ ስለሆነ፣ 10 ዶላሩ መለኪያዋ ነው። ስድስት ሰዓት ይፈጃል ብላ በ60 ዶላር የተስማማችበት ሥራ በተደጋጋሚ እርማት ስምንት ሰዓት ከወሰደ፣ የሰዓቱ ዋጋ ወደ 7.50 ወርዷል ማለት ነው። ስለዚህ የእርማቱን ብዛት ከመነሻው ወስና ማሳወቅ ይኖርባታል።

ገበያው 10 ዶላር አልከፍል ካለስ? ዋጋውን ዝም ብሎ መቀነስ የሚጎዳው 600ውን ነው። ክፍያ ያለውን ጊዜ በሳምንት ከ25 ወደ 28 ሰዓት ማሳደግ ከቻለች ግን፣ ለምሳሌ ለተለመዱ ጥያቄዎች መልስ አስቀድማ ጽፋ በማስቀመጥ፣ የሚያስፈልጋት ዋጋ ወደ 8.93 ይወርዳል፤ 600ውም አይነካም።