ከቃለ መጠይቁ በፊት የሥራውን ውጤት ጻፉ

ለሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር «ዲግሪና 4 ዓመት ልምድ» ብሎ መጻፍ የሚቀጠረው ሰው ምን ሠርቶ እንደሚያሳይ አይናገርም። መመዘኛው ከሥራው ውጤት ይነሣ፦ በ6 ወር ውስጥ የየወሩ ሒሳብ በቀጣዩ ወር እስከ 10ኛው ቀን ይዘጋል፤ በባንክ ማስታረቂያው ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ልዩነት አይቀርም። ለእያንዳንዱ ውጤት አንድ ጥያቄ ይዘጋጅለት፤ የትኛው መልስ ስንት ነጥብ እንደሚያሰጥም አስቀድሞ ይጻፍ። ልዩነት ሲገጥመው ከየትኛው ሰነድ ጀምሮ እንዴት እንዳገኘው በዝርዝር ያስረዳ 4፣ «በጥንቃቄ እሠራለሁ» ብሎ ያለፈ 1 ያገኛል።

«ጠባይስ የት ገባ?» የሚል ይኖራል። ጠባይም ውጤት አለው፤ ደረሰኝ የሚያዘገዩ ክፍሎችን ሳይጣላ በጊዜው ማስረከብ ማስለመድ አንዱ ነው። መመዘኛው ከቃለ መጠይቁ በኋላ ሲጻፍ ግን ቀድሞ በወደድነው ሰው ልክ ይሰፋል።