ለ«ዜሮ ዓመት» ማስታወቂያ የሚጻፍ ሲቪ

«የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ የሚያመለክተው አዲስ ተመራቂ ብዙ ነው። ዲግሪያቸው ተመሳሳይ፣ የመውጫ ፈተናውንም ያለፉ፣ የሥራ ልምድ የሚለው ክፍል ግን የሁሉም ባዶ። ባዶውን የሚሞሉበት ዘዴም ይመሳሰላል። አንዱ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የተማረባቸውን ትምህርት ቤቶች ይደረድራል፤ ሌላው የጋብቻ ሁኔታውንና ሃይማኖቱን ይጨምራል፤ ሌላዋ ደግሞ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ የሥራ ጫና የምቋቋም» ብላ ለራሷ ትመሰክራለች። ገጹ ሞላ። ቀጣሪው ግን እስከ ታች አንብቦ አመልካቹ ምን መሥራት እንደሚችል አላወቀም።

የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ አይደለም። በአራት ዓመት ውስጥ የተሠራው ብዙ ነው፤ ተማሪው «ትምህርት ነው እንጂ ሥራ አይደለም» እያለ ይተወዋል እንጂ።

አካውንቲንግ ተምራ ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛነት የምታመለክት አንዲት ተመራቂ ለምሳሌ እንውሰድ። ሲቪዋ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ከላይ ስሟ፣ ስልኳና ኢሜይሏ ይሰፍራሉ። የሥራ ልምድ ያለው ሰው በሥራው ይጀምራል፤ እሷ ግን ማስረጃዋ ያለው ትምህርቷ ውስጥ ስለሆነ ትምህርት ይቀድማል። ዩኒቨርሲቲው፣ የትምህርት ክፍሉ፣ የምረቃው ዓመት፣ አጠቃላይ ውጤቷ ጥሩ ከሆነም እሱ ይጻፋል። ማስታወቂያው ውጤት ከጠየቀ ግን ዝቅተኛም ቢሆን መጻፍ ግድ ነው።

ቀጥሎ ኮርሶች ይመጣሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የወሰደቻቸውን ኮርሶች ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ለዚያ የውጤት ወረቀቱ አለ። ማስታወቂያው ደመወዝ ማዘጋጀትን፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅንና የሒሳብ ሶፍትዌርን ከጠቀሰ፣ ከእነዚህ ጋር የሚገናኙ ሦስት ወይም አራት ኮርሶች ይበቃሉ፤ የኮርሱ ስም ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። «የግብር ሒሳብ አያያዝ» ብሎ ከማቆም ይልቅ «በግብር ሒሳብ አያያዝ ኮርስ የ25 ሠራተኞችን የወር ደመወዝ ዝርዝር ከገቢ ግብርና ከጡረታ መዋጮ ጋር በኤክሴል አዘጋጅቻለሁ» ማለት ይሻላል። ይህን ያነበበ የሒሳብ ኃላፊ ልጅቷ 7 በመቶው ከሠራተኛው፣ 11 በመቶው ከአሠሪው እንደሚወጣ ታውቃለች ብሎ ይገምታል፤ ቃለ መጠይቅ ላይም ይጠይቃታል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። የገቢ ግብር ሕጉ በሐምሌ 2017 ተሻሽሎ፣ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ኮርሱን በድሮው እርከን የተማረች ልጅ ያንን መስመር ሲቪዋ ላይ ካሰፈረች፣ አዲሱን እርከን አንብባ መሄድ አለባት። ጥያቄ የማይችል መስመር ከመጻፉ መቅረቱ ይሻላል።

ከሁሉም የበለጠ ሊያወራ የሚችለው የመመረቂያ ጥናቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ርዕሱ ብቻ ተገልብጦ ይቀመጣል። የዚህች ተመራቂ ርዕስ «በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የብድር አመላለስ ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ምክንያቶች» ነው እንበል። ረጅም ነው፤ ስለ እሷም ምንም አይናገርም። ሥራውን የሠሩት አራት ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የእሷ ድርሻ ይለያል፤ ከማኅበሩ መዝገብ የ120 ተበዳሪዎችን የሦስት ዓመት ክፍያ ወደ ኤክሴል ያስገባችው እሷ ናት። ሲቪው ላይ እንዲህ ሊሰፍር ይችላል፦ «በአራት ተማሪዎች የቡድን ጥናት የ120 ተበዳሪዎችን የሦስት ዓመት የክፍያ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኤክሴል አስገብቼ፣ የዘገዩ ክፍያዎችን በወር ለይቻለሁ፤ መዘግየቱ በመስከረም እንደሚጨምር አሳይተናል።»

«አስገብቼ» እና «ለይቻለሁ» የእሷ ናቸው፤ «አሳይተናል» የቡድኑ። ይህ ልዩነት ጥቃቅን ቢመስልም ብዙዎች ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያዙት በዚሁ ነው። «መረጃውን የተነተናችሁት እንዴት ነው?» ተብላ «እሱን የሠራው ሌላ ልጅ ነው» ብላ ከመለሰች፣ እውነተኛው ድርሻዋም ይጠረጠራል። መስከረም ለምን? ተብላ ስትጠየቅ ደግሞ የልጆች መመዝገቢያ፣ የደንብ ልብስና የዓመት በዓል ወጪ አንድ ላይ የሚመጣበት ወር ነው ብላ ብትመልስ፣ ቁጥሩን ከመቁጠር አልፋ ማሰቧን ታሳያለች።

የበጎ ፈቃድ ሥራም በዚሁ መንገድ ይጻፋል። «የቀይ መስቀል ክበብ አባል» አባልነትን እንጂ ሥራን አይነግርም። ልጅቷ የክበቡ ገንዘብ ያዥ ከነበረች ግን ከሒሳብ ሥራ ጋር የሚቀርበው ነገር ይኸው ነው፦ የአባላትን ወርሃዊ መዋጮ በደረሰኝ ተቀብላለች፣ ወጪን በቫውቸር መዝግባለች፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ ለክበቡ ሪፖርት አቅርባለች። መዋጮው ትንሽ ቢሆንም የሰው ገንዘብ ይዛ ተመሳክሮላት አስረክባለች፤ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ደግሞ ሊያውቅ የሚፈልገው ይህንን ነው። በክረምት የሰፈሯን ተማሪዎች ሒሳብ ማስጠናቷ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ «የሥራ ልምድ» በሚል ርዕስ ሥር መግባት የለበትም። «ፕሮጀክቶች» እና «የበጎ ፈቃድ አገልግሎት» ተብሎ በስሙ ይጠራ። የሁለት ዓመት ልምድ ለሚጠይቅ ማስታወቂያ የክበብ ገንዘብ ያዥነት ሁለት ዓመት ተብሎ አይቆጠርም፤ እንደዚያ አስመስሎ ያቀረበ አመልካች የጽሑፍ ማስረጃ ሲጠየቅ ይወድቃል። ክፍያ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ከትምህርት ጋር የተያያዘ ኢንተርንሺፕም ኢንተርንሺፕ ተብሎ ይጻፋል።

ቀሪው የጥንቃቄ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱ ግን እኛ አገር በተለይ ያስቸግራሉ። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሲቪው ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ የምረቃው ዓመት 2025፣ የክበቡ አገልግሎት ደግሞ «ከ2015 እስከ 2017» ሆኖ አንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ። አንባቢው ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ክበቡን የመራች ይመስለዋል። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእሱ መሄድ ነው። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድን ስም በሦስት መንገድ መጻፍ ስለሚቻል፣ ሲቪው ላይ ያለው ስም ዲግሪው ላይ ካለው ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ መሆን አለበት።

ለምስክርነት የሚጠቀሱት ጥናቱን ያማከሯት መምህርና የክበቡ አስተባባሪ ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ሥራዋን ያዩት እነሱ ናቸውና። ስልካቸው ከመጻፉ በፊት ግን ፈቃዳቸው ይጠየቅ፤ ሲቪውም ይላክላቸው። ከተመረቀች ወራት ካለፉ በኋላ የተደወለላቸው መምህር «ማን ናት?» ካሉ የስማቸው መኖር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል።

ያው ሲቪ ለሁሉም ማስታወቂያ አይላክም። ይህችው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የእርዳታ ድርጅት መረጃ ሰብሳቢ ሲፈልግ ብታመለክት፣ የደመወዝ ዝርዝሩ ወደ ታች ይወርዳል ወይም ይወጣል። የመመረቂያ ጥናቱ ወደ ላይ ይመጣል፤ አጻጻፉም ይለወጣል፤ አሁን የሚፈለገው ስንት ሰው እንዳነጋገረች፣ በየትኛው ቋንቋ እንዳነጋገረችና መጠይቁ በወረቀት ይሁን በስልክ መሞላቱ ነው። ለሒሳብ ሥራው አንድ መስመር የበቃው የክረምት ማስጠናት እንኳ እዚህ ሁለት ሊሰጠው ይችላል፤ ከማታውቃቸው ቤተሰቦችና ልጆች ጋር ተቀምጣ የሠራችበት እሱ ነውና።