አንድ ቀን የተለበሰ ቬሎ እንዴት ይሸጣል?

ታናሽ እህቴ በተዳረች በአምስተኛው ወር ቬሎዋን ለመሸጥ ወሰነች። የጻፈችው ማስታወቂያ አጭር ነበር፦ «አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ፣ በጣም የሚያምር ቬሎ። መካከለኛ ሰውነት ላላት። ዋጋ በስልክ።» ከጽሑፉ ጋር የሠርጓን ዕለት ሁለት ፎቶዎች አያያዘች።

ስልኳ አላረፈም፤ ልብሱ ግን አልተሸጠም። አራት እጮኛ ያላቸው ልጆች ቤት ድረስ መጥተው ሞከሩት። አንዷን ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ እምቢ አላት። ሌላዋ ነጭ ስትፈልግ ክሬም ሆኖ አገኘችው። ሦስተኛዋ አጭር ስለሆነች ጫፉ መሬት ተኛ። አራተኛዋ ልብሱን ወዳው ነበር፤ «ትንሽ ቢሰፋ ይሆነኛል፤ ይሰፋል ወይ?» ብላ ጠየቀች። እህቴ መልስ አልነበራትም፤ ልጅቷም «አስቤበት እደውላለሁ» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አልደወለችም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ልብስ ሰፊ ነው። ቬሎውን ይዘን ለረጅም ዓመታት የሙሽራ ልብስ ሲያስተካክሉ ወደኖሩ ሰፊ ሄድን። ሰውየው ፊቱን ብዙም አላዩትም። ወዲያው ገልብጠው ገበሩን ገለጥ አደረጉና ጎኑ ላይ ያለውን ስፌት በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ። «ልጄ፣ ልብስ የሚሰፋው ውስጡ ጨርቅ ከተረፈው ብቻ ነው» አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ጎን ሁለት ጨርቆች ተጋጥመው ይሰፋሉ፤ ከስፌቱ ወደ ውስጥ የሚቀረው የእያንዳንዱ ጨርቅ ጠርዝ ትርፍ ይባላል። በእህቴ ቬሎ ይህ ትርፍ 2 ሴንቲ ሜትር ነበር። አዲሱ ስፌት እንዳይቀደድ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር መቅረት ስላለበት ከእያንዳንዱ ጠርዝ የሚለቀቀው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በአንድ ጎን ሁለት ጠርዝ አለ፣ ጎኑም ሁለት ነው። ስለዚህ ልብሱ በድምሩ 4 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ብዙ የፋብሪካ ልብሶች ትርፋቸው ከ1 ሴንቲ ሜትር እምብዛም ስለማይበልጥ በዚህ መንገድ አይሰፉም ማለት ይቻላል።

ትርፍ መኖሩም ብቻውን አይበቃም። ሳቲን ሲፈታ የድሮው መርፌ ቀዳዳ በመስመር ይታያል፤ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ጨርቅም ከውጭው ይልቅ ነጣ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ሰፊው ይህን ለማወቅ ከወገቡ በታች፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ፈትተው በእንፋሎት ካውያ ሞከሩት። ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ደግነቱ የዚህ ቬሎ ጎን በዳንቴል የተሸፈነ ነው። ዳንቴሉን በእጅ አንስተው፣ ጎኑን አስፍተው፣ መልሰው ቢሰፉት ምልክቱ ይሸፈናል።

ማጥበብ ከማስፋት ይቀላል፤ ወሰን ግን አለው። ይህን ቬሎ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለ ችግር እንደሚያጠቡት ነገሩን። ከዚያ ካለፈ የደረቱ ቅርጽ ወደ ብብት ይሸሻል፤ ዳንቴሉ ላይ ያለው አበባም ግራና ቀኙ አይገጥምም። ያኔ ልብሱ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ እንደገና መሰፋት ስለሚኖርበት ዋጋው አያዋጣም።

ርዝመቱን በተመለከተ የሚወስነው ጫፉ ነው። የእህቴ ቬሎ ታች ላይ ሦስት ድርብ አለው፦ ላዩ ቱል፣ መሃሉ ሳቲን፣ ውስጡ ገበር። ቱል አይተረተርምና በመቀስ ተቆርጦ ይቀራል። ሳቲኑና ገበሩ ግን እየብቻቸው ተቆርጠው መቀምቀም አለባቸው። ጫፉ ዙሪያውን በዳንቴል የተከበበ ቢሆን ኖሮ ዳንቴሉን ፈትቶ ወደ ላይ ማንሣት ወይም ቀሚሱን ከወገብ ማሳጠር ያስፈልግ ነበር፤ ይህ የቀናት ሥራ ነው። ማስረዘም ግን ሌላ ነገር ነው። ለመጀመሪያዋ ሙሽራ ተብሎ የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም፤ ተጨማሪ ዳንቴል ታች ከመቀጠል በቀር መላ የለውም።

ወደ ቤት ተመልሰን ሜትር ይዘን ቁጭ አልን። መለያው ላይ ያለውን ቁጥር ወደ ጎን ተውነው። በአሜሪካ 8፣ በእንግሊዝ 12፣ በአውሮፓ 40 ተብሎ የሚጻፈው ልክ ተቀራራቢ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ያየች ገዢ ትሳሳታለች። የሚታመነው የልብሱ የራሱ ልኬት ነው። ዚፑን ዘግተን ቬሎውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው፤ ከብብት እስከ ብብት ለክተን በሁለት አባዛነው። ወገቡንም እንዲሁ አደረግን። ርዝመቱን ደግሞ ከፊት በኩል፣ ከወገብ ስፌት እስከ ጫፉ ለካን።

ፎቶዎቹንም ቀየርናቸው። የሠርግ ዕለት ፎቶ የሚያሳየው ሙሽራዋን ነው፤ ገዢ ማየት የምትፈልገው ጨርቁን ነው። ልብሱን ሰቅለን በቀን ብርሃን፣ ቀለሙ እንዲለይ ከነጭ ወረቀት አጠገብ አነሣነው። ከዚያም ብብቱን፣ ዚፑንና የጫፉን ውስጥ ለብቻ አነሣን። ነውር የሚደበቀው እዚያ ነውና። ላብና ጣፋጭ መጠጥ ሲደርቁ ላይታዩ ይችላሉ፤ ከወራት በኋላ ግን ወደ ቢጫነት ይለወጣሉ። ስለዚህ ቬሎ ሳይታጠብ መቀመጥ የለበትም፤ ታጥቦ እንደሆነም በማስታወቂያው ላይ መገለጽ አለበት።

አዲሱ ማስታወቂያ እንዲህ ሆነ፦

«የሚሸጥ ቬሎ። አንድ ቀን ተለብሶ ላውንደሪ የታጠበ። ቀለሙ ክሬም፤ ሳቲን ሆኖ ደረቱና ጎኑ በዳንቴል የተሸፈነ፤ ጀርባው ዚፕ። የልብሱ ልክ፦ ደረት 92፣ ወገብ 74፣ ከወገብ እስከ ጫፍ 108 ሴንቲ ሜትር፤ ዳሌው ሰፊ ነው። የለበሰችው 1 ሜትር ከ64 ቁመት ያላት ስትሆን 8 ሴንቲ ሜትር ታኮ ተጫምታ ነበር። በልብስ ሰፊ ታይቷል፦ በጎን እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ እስከ 6 ይጠባል፣ ያጥራል፤ አይረዝምም። ጉድለት፦ የኋላው ጫፍ ውስጥ በኩል የእጅ መዳፍ የሚያህል ያልለቀቀ የአፈር ምልክት፤ ከዚፑ አጠገብ ሦስት ዶቃ ረግፏል፣ ምትኩ አለ። ዓይነ ርግብና ከሥር የሚለበሰው ባለ ሽቦ ጉርድ አብረው ይሸጣሉ። የማስተካከያ ዋጋ የገዢ ነው። ለመሞከር ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት፣ በቀጠሮ።» በመጨረሻም ዋጋው በቁጥር ተጻፈ።

ከዚህ በኋላ የደወሉት ጥቂት ናቸው፤ የደወሉት ግን ቀድመው ራሳቸውን ለክተው ነበር። አንዷ «ደረቴ 94፣ ወገቤ 77፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው፤ ታኮዬ 6 ሴንቲ ሜትር ነው» አለች። ሒሳቡን በስልክ ሠራነው። 4 ሴንቲ ሜትር ሲሰፋ ደረቱ 96፣ ወገቡ 78 ይሆናል። ለደረቷ የ2፣ ለወገቧ የ1 ሴንቲ ሜትር መተንፈሻ ይተርፋታል፤ ይበቃል። በቁመትም በታኮም ከእህቴ ስለምታንስ ጫፉ ያጥራል። ወገቧ 82 የሆነ ሌላ ልጅም ደውላ ነበር። ለእሷ ጎኑን ማስፋት አይበቃም፤ ዚፑ ወጥቶ ጀርባው በጥብጣብ የሚጠላለፍ መሆን፣ ከሥሩም ገላ የሚሸፍን ጨርቅ መግባት ነበረበት። ያንን በግልጽ ነገርናት፤ እሷም ጀርባው እንዲቀየር ስላልፈለገች ሳትደክም ቀረች።

የመጀመሪያዋ ልጅ ቅዳሜ መጣች። ጫማዋንና በሠርጓ ቀን የምትለብሰውን የውስጥ ልብስ ይዛ እንድትመጣ ነግረናት ነበር፤ ያለ ጫማው ርዝመት፣ ያለ ውስጥ ልብሱ ደረት በትክክል አይለካም። ሊፒስቲክ ሳትቀባ፣ ከእናቷ ጋር ብቻ ነው የመጣችው። ዚፑ ወገቧ ላይ ቢቆምም እንደሚሰፋ ስለምታውቅ አልደነገጠችም። ቀብድ ከፈለች፤ በወረቀትም ዋጋው፣ የቀረው ገንዘብና ልብሱን የምትወስድበት ቀን ተጻፈ። አንድ ነገር ጨመርንበት፦ ልብሱ ከተፈታ በኋላ መመለስ የለም። ይህ ካልተጻፈ መቀስ በገባበት ልብስ ጠብ ይነሣል።

ሰፊው ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄዳለች። የመጀመሪያው ከሠርጉ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ልብሱን ለብሳ ቆማ ጎኑና ጫፉ በስፒል ተያዘ፤ በዚያ ቀን ምንም አልተቆረጠም። ሁለተኛው ሦስት ሳምንት ሲቀር ነበር። ጎኑ በላላ ስፌት ተይዞ እንድትቀመጥ፣ እጇን እንድታነሣ፣ እስክስታ እንድትመታ ተደረገ። ቆማ ልክ የነበረ ልብስ ስትቀመጥ ሊጨንቃት፣ ትከሻዋን ስታንቀጠቅጥ ደረቱ ሊወርድ ይችላልና። ጫፉ የተቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ሦስተኛው ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር፤ ያኔ የቀረው የመጨረሻው ስፌትና ዶቃ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጉብኝት ወደ ሠርጉ የሚጠጋው ገላ ስለሚለወጥ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የተዳረችው ልዕልት ዳያና በዝግጅቱ ወራት እጅግ ስለቀጠነች ዴቪድና ኤሊዛቤት ኢማኑኤል ልብሷን ደጋግመው ማጥበብ ነበረባቸው። በእኛም አገር ከትንሣኤ በኋላ የምትዳር ሙሽራ የምትለካው በሁዳዴ ጾም ነው። በጾሙ የቀጠነ ወገብ ፋሲካ ካለፈ በኋላ እንደዚያው ላይቆይ ስለሚችል በጾም ወቅት እስከ መጨረሻው አለማጥበብ ይሻላል።

የወንድ ሱፍም በዚሁ መንገድ ይሸጣል፤ የሚታየው ቦታ ግን ይለያል። የሱሪ ወገብ ከኋላ ባለው ስፌት ጥቂት ይሰፋል ወይም ይጠባል፤ ርዝመቱም እግሩ ውስጥ በታጠፈው ጨርቅ ልክ ይለቀቃል። የኮት እጅጌ ያጥራል፤ ቁልፉ በእውነተኛ ቀዳዳ የሚከፈት ከሆነ ግን ከታች መቁረጥ አይቻልም። ትከሻ አይነካም። ትከሻውን ለማስተካከል እጅጌው ተነቅሎ ኮቱ እንደገና መሠራት አለበት። ስለዚህ በሱፍ ማስታወቂያ ላይ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ከትከሻ ጫፍ እስከ ትከሻ ጫፍ ያለው ልክ ነው።

ቬሎ ወይም ሱፍ ልትሸጡ ካሰባችሁ ለጥር ሠርግ በጥቅምት አውጡት፤ ገዢዋ ለሦስቱ ጉብኝቶች ጊዜ ታገኛለች። ከዚያ በፊት ግን ልብሱን ገልብጡት፣ ትርፉን ለኩ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ውሰዱት። «ይሰፋል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን በሴንቲ ሜትር ሳትይዙ ማስታወቂያ አታውጡ።