የስላይድ የንባብ ተራ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች

ስክሪን ሪደር የተባለው በድምፅ አንባቢ ፕሮግራም ስላይድን የሚያነበው ዓይን እንደሚያየው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን፣ ክፍሎቹ በገቡበት ተራ ነው። ለምሳሌ ስለ ውሃ ዑደት ስላይድ ያዘጋጀ መምህር በቅድሚያ ሥዕሉን፣ ቀጥሎ «ትነት» እና «ዝናብ» የሚሉትን ቃላት፣ በመጨረሻም ርእሱን በጽሑፍ ሳጥን አስገብቷል እንበል። ለሚያየው ተማሪ ስላይዱ እንከን የለውም፤ ዓይነ ስውሩ ግን ስለ ምን እንደሚወራ የሚያውቀው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ጉድለቱን ለማወቅ ስክሪን ሪደሩን ከፍቶ፣ ገጹን ሳያዩ የ Tab ቁልፍን እየተጫኑ ማዳመጥ ይበቃል። ማረሚያው በፓወርፖይንት Selection Pane የተባለው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ስለሆነ ርእሱ በግርጌ ይቀመጣል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

በሥዕሉ Alt Text ላይ «የውሃ ዑደት ሥዕል» ብሎ መጻፍ ርእሱን መድገም ነው። ይልቁንም «የሐይቅ ውሃ በፀሐይ ሙቀት ተንኖ ደመና ይሆናል፤ በተራራ ላይ ዘንቦም በወንዝ ወደ ሐይቁ ይመለሳል» ተብሎ ይጻፍ።

የቀለም ልዩነት ለስክሪን ሪደሩ ለውጥ አያመጣም። ይሁን እንጂ ከተጠቃሚዎቹ መካከል በከፊል የሚያዩ ስላሉ፣ በፊደሉና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ሊሆን ይገባል፤ በነጭ መደብ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ከዚህ በታች ይወድቃል።