ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት

በሹፌሩ ጉልበት አካባቢ፣ ከመሪው በታች፣ ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ፣ አውሮፓም ከ2001 ጀምሮ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች በሕግ አስገድደውታል። ለሌላ ገበያ በተሠራ የቆየ መኪና ግን ሶኬቱ ኖሮም ላይነበብ ይችላል። ELM327 የሚባለው ርካሽ አንባቢ እዚያ ይሰካና በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል። አይፎን የያዘ ሰው የዋይፋዩን ዓይነት ቢገዛ ከጣጣ ይድናል።

መጀመሪያ የሚታየው የሞተሩ ውሃ ሙቀት ነው። የዳሽቦርዱ ጠቋሚ በብዙ መኪኖች ሙቀቱ ቢለዋወጥም መሐል ላይ እንዲቆም የተሠራ ነው፤ ስልኩ ግን ትክክለኛውን ዲግሪ ይሰጣል። የሞቀ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ መካከል ነው። በረጅም ጉዞ ላይ ወደ 65 የሚወርድ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይም «እንዳይሞቅ» ተብሎ ወጥቷል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ውሃው ከጎደለ ሴንሰሩ አየር ላይ ስለሚቀር የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም።

ሞተሩ ሳይሞቅ ሁለተኛውን ቁጥር ማንበብ ትርጉም የለውም። ይህ የነዳጅ ማስተካከያ ነው። ኮምፒውተሩ በጭስ ማውጫው ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር እያዳመጠ፣ ካሰበው መጠን ላይ ምን ያህል ነዳጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ በመቶኛ ያሳያል። STFT የቅጽበቱ ነው፤ LTFT በጊዜ ብዛት የተማረው። ድምራቸው ከ+10 በላይ ወይም ከ-10 በታች ሆኖ ከቆየ ምክንያት መፈለግ ይገባል።

የአየር መጠን ሴንሰር ያለው አንድ ኮሮላ በሚኒሞ ላይ LTFT +18፣ STFT +5 አሳየ እንበል። ኮምፒውተሩ 23 በመቶ ነዳጅ ጨምሯል ማለት ነው። የአዲስ አበባ ስስ አየር ነው ብሎ ማለፍ አያስኬድም፤ ሴንሰሩ የሚለካው የአየሩን ክብደት ስለሆነ ከፍታው አስቀድሞ ተቆጥሯል። ሞተሩን 2500 ዙር ላይ ይዘን ድምሩ ወደ +4 ቢወርድ፣ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ። ቀዳዳው ያው ቢሆንም በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ የሾለከው ድርሻ ይገንናል። ስለዚህ ከሴንሰሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ እያጠፉ ስንጥቅ መፈለግ ነው። በተቃራኒው ቁጥሩ ነዳጅ ሲሰጥ የሚጨምር ከሆነ ቱቦውን ትቶ የቆሸሸ ሴንሰር ወይም የደከመ የነዳጅ ፖምፓ መጠርጠር ይሻላል።

ቱቦው ሲቀየር STFT ወደ -15 ገደማ ሊወድቅ ይችላል፤ የተማረው +18 ገና ስላልጠፋ ነው። ጥቂት ከተነዳ በኋላ ሁለቱም ወደ ዜሮ ይጠጋሉ። ካልተጠጉ ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት የጭስ ማውጫው ተቀዶ እንደሆነ ይታይ፤ በዚያ የሚገባ አየር ሴንሰሩን ያታልላል።